ሥራ የፈታው ሰርቨር

ወጣቷ የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ናት፤ የገጠማት ብልሽት ግን የብዙ ጀማሪዎች ነው። የመጀመሪያ መተግበሪያዋን፣ የእቁብ መዝገብ የሚይዝ፣ አንድ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ለቀቀች። ጓደኞቿ ሊንኩን በየቴሌግራም ግሩፑ በተኑት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምዝገባው ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የማሽኑን አቅም ነበር። ስታየው ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቷል፣ ሜሞሪውም ተርፎታል። ዳታቤዙን አጥፍታ ስታስነሳው ለጥቂት ደቂቃ ሠራና እንደገና ቆመ። ማሽኑ ሳይደክም ሥራው ከቆመ፣ ዳግም ማስነሳትም ለአፍታ ብቻ ከረዳ፣ አንድ ነገር ተይዞ አልተለቀቀም ማለት ነው። የስህተት መዝገቡም ያንኑ ይላል፦

```
FATAL: remaining connection slots are reserved
```

ዳታቤዟ ፖስትግሬስ ነው። ካልተቀየረ በቀር በአንድ ጊዜ 100 ግንኙነት ብቻ ይቀበላል፤ ከነዚህም 3ቱ ለዋናው አስተዳዳሪ የተጠበቁ ናቸው። በር ሁሉ ሲዘጋ እሷ መግባት የቻለችው በነዚህ ነው። ገብታ ጠየቀች፦

```
SELECT state, count(*)
FROM pg_stat_activity GROUP BY state;
```

መልሱ ላይ አብዛኞቹ ግንኙነቶች `idle in transaction` ይላሉ፤ ሥራ ጀምረው፣ ሳይጨርሱ፣ ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠዋል። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ስልክ እንደሚያወራ ደንበኛ።

ጥፋቱ የምዝገባው ኮድ ቅደም ተከተል ላይ ነበር። ኮዱ ግንኙነት ይከፍትና ስም ይጽፋል፤ ከዚያ የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ ልኮ የላኪውን ድርጅት መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ሲመጣ ብቻ መዝገቡን አጽድቆ ግንኙነቱን ይለቃል። ብቻዋን ስትሞክረው መልሱ ወዲያው ይመጣ ነበር። በዚያ ምሽት ግን 8 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። 97 ግንኙነት ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 12 ሰው ብቻ ይደርሰዋል። የዘገየበት ሁሉ ደግሞ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፤ አንዱ ሰው ሦስት አራት ሆኖ ይሰለፋል።

የግንኙነቱን ጣሪያ ወደ 1000 ማሳደግ ያጓጓል። ነገር ግን ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ ስለሚያስነሳ፣ በትንሽ ማሽን ላይ ችግሩ ከግንኙነት ወደ ሜሞሪ ይዛወራል እንጂ አይፈታም። እሷም አልነካችውም (እኔም አልነካውም ነበር)። የምዝገባ ቁልፉን ለጊዜው ደበቀች፤ ከዚያ ኮዱን አስተካከለች፦ ስሙ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ወዲያው ይጸድቃል፣ ግንኙነቱ ይለቀቃል፣ ኤስኤምኤሱን ተራ ጠብቆ የሚልክ ሌላ ፕሮግራም ይረከባል።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ምዝገባው ተከፈተ፤ ቅሬታው ግን አላበቃም። ዳታቤዙን ባስነሳችበት ቅጽበት ያልጸደቁት መዝገቦች ሁሉ ተሰርዘዋል። ኤስኤምኤሱ ግን ቀድሞ ወጥቷል። ስለዚህ ቁጥሩ በእጃቸው የገባ ሰዎች ሲያስገቡት «አልተመዘገቡም» ይላቸዋል፤ ስማቸው ስለጠፋ፣ እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ሊንኩ በተበተነባቸው ግሩፖች ሁሉ ማስታወቂያ መጻፍ ነበረባት።