የጃፓን አፕ ገጽ፦ የትኛውን መስመር ማን ጻፈው?

በጃፓን ፕሌይ ስቶር ውስጥ አንድ ነጻ ጨዋታ ሲከፍቱ ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ሁለት ሐረጎች ያገኛሉ፤ `広告を含む` እና `アプリ内課金あり`። የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንዳለበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከተገባ በኋላ በገንዘብ የሚገዛ ነገር እንዳለ ይናገራል። አጠገባቸው የዕድሜ ቁጥር ተቀምጧል። ዝቅ ሲሉ `データ セーフティ` የሚል የመረጃ ደኅንነት ክፍል ይመጣል። የፍቃዶቹ ዝርዝር ግን `このアプリについて` የሚለውን ነክተው እስከ ታች ካልወረዱ አይታይም።

የአንድሮይድ ስልክዎን ቋንቋ ወደ አማርኛ ከቀየሩ የመደብሩ ቋሚ ጽሑፎች አብረው ይቀየራሉ። ስለዚህ ቋንቋው ከሚመስለው ያነሰ ችግር ነው። ትልቁ ችግር ሰው እነዚህን አራት ነገሮች በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንደተለጠፈ መግለጫ፣ አንድ መርማሪ አይቶ እንዳጸደቃቸው አድርጎ ማንበቡ ነው። እውነቱ ግን እያንዳንዱ መስመር የመጣው ከተለያየ እጅ ነው። የፍቃዱ ዝርዝር የሚወጣው ከራሱ ከአፑ ፋይል ነው፤ ዋጋው ድርጅቱ ለሽያጭ ካስመዘገባቸው ዕቃዎች ይወሰዳል፤ የዕድሜው ቁጥር ድርጅቱ ከሞላው መጠይቅ ይሰላል፤ የመረጃ ደኅንነቱ ክፍል ደግሞ ድርጅቱ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል ነው። ስንት እምነት እንደሚጣልበትም በዚያው ልክ ይለያያል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለምሳሌ ያህል አንድ ጨዋታ እናስብ። ተዋጊ ገጸ ባሕርያትን እየሰበሰቡ የሚጫወቱት፣ በጃፓን በብዛት የሚገኝ ዓይነት ነው። ገጹ ላይ `12歳以上`፣ ማለትም ከ12 ዓመት በላይ ይላል፤ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከ160 እስከ 10,000 የን ነው፤ የመረጃ ደኅንነቱ ክፍል `第三者と共有されるデータはありません` ይላል፤ ለሦስተኛ ወገን የሚጋራ መረጃ የለም ማለት ነው።

ከዋጋው እንጀምር። 10,000 የን የሚለውን ያየ ወላጅ ቢበዛ የሚወጣው ገንዘብ ይህ ነው ብሎ ሊረጋጋ ይችላል። ቁጥሩ ግን የአንድ ጥቅል ዋጋ ጣሪያ ነው፤ ጥቅሉ ስንት ጊዜ ሊገዛ እንደሚችል አይናገርም። እንዲህ ባለ ጨዋታ በገንዘብ የሚገዛው ተዋጊው ራሱ አይደለም። የሚገዛው «ድንጋይ» የሚሉት የጨዋታው ገንዘብ ነው፤ በድንጋዩ ደግሞ ዕጣ ይወጣል። ጃፓኖች ይህን ዕጣ ጋቻ ይሉታል። አንዱ ዕጣ 300 የን ይፈጃል፣ የሚፈለገው ተዋጊ የመውጣት ዕድሉም ከመቶ አንድ ነው እንበል። መቶ ጊዜ ዕጣ ያወጣ ሰው 30,000 የን ከፍሏል። ሆኖም ተዋጊውን የማግኘት ዕድሉ 63 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ እንዲህ ካደረጉ ሦስት ሰዎች አንዱ ያህሉ ባዶ እጁን ይቀራል። አንዳንድ ጨዋታዎች `天井` የሚሉት ወሰን አላቸው፤ ይህን ያህል ጊዜ አውጥቶ ያልደረሰው ሰው ተዋጊው በቀጥታ ይሰጠዋል። ወሰኑ 200 ዕጣ ከሆነ ለአንድ ተዋጊ የሚወጣው ገንዘብ እስከ 60,000 የን ይደርሳል። በመደብሩ ገጽ ላይ ከዚህ ስሌት አንዱም የለም።

የዕጣው ዕድል የሚገኘው ጨዋታው ውስጥ ነው። አፕል በ2017 መጨረሻ፣ ጉግል ደግሞ በ2019 ዕጣ የሚሸጡ አፖች ከመሸጣቸው በፊት ዕድሉን እንዲያሳውቁ ደንብ አውጥተዋል። ስለዚህ ጋቻው በሚገኝበት ገጽ ላይ `提供割合` ወይም `確率` የሚል ማስፈንጠሪያ ይፈልጉ። የጃፓን የሸማቾች ጉዳይ ኤጀንሲ በ2012 የከለከለው አንድ ዓይነት ጋቻን ብቻ ነው፤ በዕጣ የሚወጡ የተለያዩ ዕቃዎችን አሟልቶ ለሰበሰበ ሰው ልዩ ሽልማት የሚሰጠውን። ተራው ጋቻ እስከ ዛሬ ሕጋዊ ነው።

ወርኃዊ ክፍያ ያለው አፕ ከሆነ `月額` እና `自動更新` የሚሉትን በመግለጫው ውስጥ ይፈልጉ፤ ወርኃዊ ክፍያ እና በራሱ የሚታደስ ማለት ናቸው። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። የሚሰረዘው በመደብሩ የደንበኝነት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነው፤ ጉግል ያንን ክፍል `定期購入`፣ አፕል ደግሞ `サブスクリプション` ይሉታል።

ወደ ዕድሜው ቁጥር ስንሄድ፣ የጃፓን ፕሌይ ስቶር የሚጠቀመው አይ.ኤ.አር.ሲ. የተባለውን ዓለም አቀፍ አሠራር ነው፤ ደረጃዎቹ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ናቸው። በሱቅ በሚሸጡ የጃፓን ቪዲዮ ጌሞች ላይ የሚለጠፉት A፣ B፣ C፣ D፣ Z የሚሉ ፊደላት ግን ሴሮ የተባለ የሌላ ተቋም ናቸው፤ ሁለቱን ማመሳከር አያዋጣም። አፕል የራሱ መለኪያ አለው፤ በ2025ም 12+ እና 17+ የሚሉትን ትቶ 13+፣ 16+ እና 18+ አስገብቷል። አንዱ ጨዋታ በሁለቱ መደብሮች የተለያየ ዕድሜ ቢይዝ ስለዚህ ስሕተት አይደለም፤ መጠይቆቹ ይለያያሉ።

ቁጥሩ በዋናነት የሚመልሰው ስለ ይዘቱ ነው፤ ስለ ደም፣ ስለ ድብድብ፣ ስለ እርቃን። `12歳以上` የተባለ ጨዋታ የ12 ዓመት ልጅ ገንዘብ እንዳያወጣ አያግደውም። በዚህ በኩል ልጁን የሚጠብቀው ሕጉ ነው። በጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ አሳዳጊው ፈቃድ የፈጸመው ውል ሊሰረዝ ይችላል (ለአቅመ አዳም መድረሻው ከ20 ወደ 18 የወረደው በሚያዝያ 2022 ነው)። ልጁ ግን ጨዋታው ዕድሜውን ሲጠይቀው አዋቂ ነኝ ብሎ ከሞላ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ሌላውን ወገን በማታለል የተገባ ውል በዚህ መንገድ አይሰረዝምና። ስለዚህ ለልጅ የተጫነ ጨዋታ የልደት ወርና ዓመት ሲጠይቅ ወላጁ አጠገቡ ሆኖ ትክክለኛውን ይሙላ። ብዙ የጃፓን ጨዋታዎች በዚያው መልስ መሠረት ለልጆች ወርኃዊ የወጪ ገደብ ያበጃሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። «ለሦስተኛ ወገን የሚጋራ መረጃ የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር መረጃዎ ከዚህ ድርጅት እጅ አይወጣም የሚል ይመስላል። በጉግል ትርጉም ግን «ማጋራት» ጠባብ ነው። ድርጅቱ ሥራውን እንዲሠራለት ለቀጠረው አገልግሎት ሰጪ መረጃ ቢልክ ማጋራት አይባልም። ተጠቃሚው ራሱ ያዘዘው መላክም አይቆጠርም። «መሰብሰብ» የሚባለውም መረጃው ከስልኩ ሲወጣ ብቻ ነው። ድርጅቱ ስለዚህ አንድም ቃል ሳይዋሽ፣ የተጠቃሚውን አጠቃቀም ለሚተነትንለት ለሌላ ኩባንያ ሰርቨር እየላከ «አናጋራም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

የሚዋሽም ወይም የሚዘነጋም አይጠፋም። ጉግል ቅጹን ለሞላው ድርጅት ኃላፊነት ሰጥቶ ነው የሚያትመው። የሞዚላ ፋውንዴሽን በ2023 መጀመሪያ ላይ 40 ታዋቂ አፖችን መርምሮ፣ 80 በመቶ በሚጠጉት ላይ በመረጃ ደኅንነት ክፍሉና በራሳቸው የግላዊነት ፖሊሲ መካከል ልዩነት አግኝቷል።

በጃፓን ይህን ለማጣራት ሌላ አገር ላይ በቀላሉ የማይገኝ መሣሪያ አለ። ከሰኔ 2023 ጀምሮ የተሻሻለው የቴሌኮም ንግድ ሕግ፣ መልእክት የሚያለዋውጡ፣ ዜና ወይም ቪዲዮ የሚያቀርቡና የመሳሰሉት አገልግሎቶች የተጠቃሚውን መረጃ ወደ ውጭ ሲልኩ ምን እንደሚልኩ፣ ለማን እንደሚልኩና ለምን እንደሚልኩ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚጻጻፉበት ጨዋታም ከነዚህ ውስጥ ሊመደብ ይችላል። በመደብሩ ገጽ ግርጌ ያለውን የግላዊነት ፖሊሲ ማስፈንጠሪያ ይክፈቱና `外部送信` የሚለውን ይፈልጉ፤ ወደ ውጭ መላክ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሠንጠረዥ ያገኛሉ፤ በአንዱ ዓምድ የተቀባዩ ኩባንያ ስም፣ በሌላው የሚላከው መረጃ፣ በሌላው ዓላማው። እዚህ ግን ተቀባዩ የተቀጠረ አገልግሎት ሰጪ መሆኑ ከዝርዝሩ አያስወጣውም። የምሳሌያችን ጨዋታ በመደብሩ «አናጋራም» ብሎ በዚህ ሠንጠረዥ አምስት ኩባንያዎችን ቢዘረዝር ሁለቱም ጽሑፎች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያዩት የሚመልሱት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው። ተቀባዮቹ መካከል የማስታወቂያ ኩባንያ ካለ፣ ዓላማው ላይም `広告` ከተጻፈ፣ መረጃዎ ለማስታወቂያ እንደሚውል ያውቃሉ።

የቀረው የፍቃድ ዝርዝሩ፣ `アプリの権限` የሚለው ነው። ጉግል በ2022 የመረጃ ደኅንነት ክፍሉን ሲያስገባ ይህን ዝርዝር አንሥቶት ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛ ግን በዚያው ሐምሌ መለሰው። ለመመለሱ በቂ ምክንያት አለ፤ ከአራቱ ውስጥ ድርጅቱ በቃላት ሊያሳምረው የማይችለው እሱ ብቻ ነውና። የተዋጊ ጨዋታው ዝርዝር ውስጥ `位置情報` (ያሉበት ቦታ) እና `連絡先` (የስልክ ማውጫ) ካገኙ፣ በመረጃ ደኅንነት ክፍሉ ግን ስለ ቦታም ስለ ስልክ ማውጫም ካልተጻፈ፣ ልዩነቱ መልስ ይፈልጋል። ፍቃድ መኖሩ ግን መረጃው ይላካል ማለት አይደለም፤ ካሜራ ለኪውአር ኮድ ማንበቢያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተገላቢጦሹም እውነት ነው። የቦታ ፍቃድ የሌለው አፕ ከኢንተርኔት አድራሻዎ በየትኛው አካባቢ እንዳሉ በግምት ሊያውቅ ይችላል፤ ለዚህ ምንም አይጠይቅዎትም።

አይፎን ላይ ከመጫን በፊት የሚታይ የፍቃድ ዝርዝር የለም፤ ስልኩ የሚጠይቀው አፑ ሲፈልግ ብቻ ነው። በአፕል የግላዊነት ክፍል ውስጥ በቅድሚያ መታየት ያለበት `ユーザのトラッキングに使用されるデータ` የሚለው ሣጥን ነው፤ በሌሎች ድርጅቶች አፖችና ድረ ገጾች ላይ እርስዎን ለመከታተል የሚውለውን መረጃ ይዘረዝራል። እሱም ቢሆን ድርጅቱ የሰጠው ቃል ነው።

በጃፓን የሚኖሩ አንባቢዎች፣ ልጅዎ ሳያማክርዎት ገንዘብ ካወጣ በመጀመሪያ ገንዘብ እንዲመለስ ለመደብሩ ያመልክቱ፤ እምቢ ከተባሉ ወደ 188 ይደውሉ። ይህ በአካባቢዎ ካለው የሸማቾች ምክር ቢሮ የሚያገናኝ አገር አቀፍ ቁጥር ነው። ሲደውሉ የክፍያ ደረሰኙን ኢሜይልና የልጁ ዕድሜ በጨዋታው ውስጥ እንዴት እንደተሞላ የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ በእጅዎ ይያዙ።