የማታ ልምምድና የካፌይን ሂሳብ

ካፌይን ለስፖርተኛ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ክርክር በአብዛኛው ተዘግቷል። ይጠቅማል። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተከለከሉ ነገሮች መዝገብ አውጥቶታል። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡት ጥናቶችም በብስክሌትና በሩጫ ሙከራዎች ላይ በአማካይ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ መሻሻል ያሳያሉ። አሁን ሊጠየቅ የሚገባው መቼ እንደሚወሰድ ነው። የተለመደው መልስ «ከልምምዱ አንድ ሰዓት በፊት» የሚል ሲሆን፣ ለጠዋት ልምምድ ምንም እንከን የለበትም። ከሥራ ወጥቶ ወደ ጂም ለሚገባ ሰው ግን ምክሩ ግማሹን ብቻ ይነግረዋል፤ ሰዓቱን ከልምምዱ ብቻ ሳይሆን ከመኝታውም ወደ ኋላ መቁጠር እንዳለበት አይነግረውም። እንደ እኔ ግምገማ፣ ሁለቱን አቆጣጠሮች አጣምሮ ያሰላ ሰው ማታ የሚወስደውን ካፌይን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ ይተወዋል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ካፌይን አንጎል ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይከማቻል፤ ከነርቭ ሴሎች ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅም ድካምና የእንቅልፍ ስሜት ይፈጥራል። ካፌይን በቅርጹ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚቀራረብ የሌላ ሰው ወንበር ላይ ቀድሞ እንደተቀመጠ እንግዳ ይሆናል፤ ቦታውን ይይዛል እንጂ የባለቤቱን ሥራ አይሠራም። አዴኖሲኑ ግን አልጠፋም፣ እየተጠራቀመ ነው። ሯጩ ያው ፍጥነት ቀለል ያለ መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው፣ ማታ አልጋ ላይ ዓይኑ የሚፈጥበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቅሙና ጉዳቱ የሚመነጩት ከአንድ አሠራር ስለሆነ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። የሚቻለው የካፌይኑን ሰዓት ማዛወርና መጠኑን መቀነስ ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ በጉበት እጅ ነው። ካፌይን ከተጠጣ በኋላ በ30 ደቂቃና በአንድ ሰዓት መካከል ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ጉበት እየሰባበረ ያስወግደዋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ በአብዛኛው ጤናማ አዋቂ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ በአንዳንዱ ሰው 2 ሰዓት፣ በሌላው ደግሞ 9 ሰዓት ይደርሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወግደዋል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን በምትወስድ ሴት ላይ ጊዜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ በእርግዝና ጊዜ ከዚያም በላይ ይዘገያል። ላብ በዚህ ውስጥ የጎላ ድርሻ የለውም። «ጂም ውስጥ አቃጥዬ ጨርሼዋለሁ» የሚል ሰው ያቃጠለው ስኳርና ስብ ነው፤ ካፌይኑ የጉበቱን ፍጥነት ጠብቆ ነው የሚወጣው።

አሁን አንድ ሰው እንውሰድ። ክብደቱ 70 ኪሎ ነው፣ ከሥራ 11 ሰዓት ይወጣል፣ ልምምዱን ማታ 12፡30 ይጀምራል፣ 4፡30 ሲሆን መተኛት ይፈልጋል። የዓለም አቀፉ የስፖርት ምግብ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአቋም ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ውጤታማ መሆኑን፣ ምናልባት 2 ሚሊ ግራምም ሊበቃ እንደሚችል ይገልጻል። ሰውየው ጂም ከሚሸጠው የቅድመ ልምምድ ዱቄት አንድ ማንኪያ በጥብጦ 11፡30 ላይ ጠጣ እንበል፤ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን አለበት፣ ማለትም በኪሎ ወደ 3 ሚሊ ግራም ነው። 4፡30 ላይ ሲተኛ አምስት ሰዓት አልፏል፣ ስለዚህ በሰውነቱ ውስጥ የቀረው 100 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ነጠላ ማኪያቶ ወደ 60 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው ብለን ካሰብን፣ ይህ ሰው መብራት ሲያጠፋ ከአንድ ተኩል ማኪያቶ በላይ ጠጥቶ እንደተኛ ይቆጠራል። ሌሊት 9፡30 ላይም 50 ሚሊ ግራም አለ። ጉበቱ ቀርፋፋ ሆኖ ለግማሹ 8 ሰዓት የሚፈጅበት ከሆነ ደግሞ በመኝታው ሰዓት 130 ሚሊ ግራም ገደማ ይቀረዋል። ያንኑ ዱቄት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢወስደው ኖሮ ማታ 4፡30 ላይ የሚቀረው 20 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር።

ይህ ቅሪት በእንቅልፍ ላይ ምን ያደርጋል? በአሜሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ሲወሰድ እንኳ በመሣሪያ የተለካው እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ካፌይን በአማካይ ከሌሊቱ እንቅልፍ 45 ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ጥልቁን የእንቅልፍ ክፍል እንደሚያሳጥርና ቀላሉን እንደሚያበዛ ያሳያል። የዚህ ግምገማ ጸሐፊዎች ለአንድ ስኒ ቡና፣ ማለትም ለ107 ሚሊ ግራም፣ ወደ 9 ሰዓት የሚጠጋ፣ ለቅድመ ልምምድ ዱቄት ደግሞ ከ13 ሰዓት በላይ ርቀት ከመኝታ በፊት ቢኖር ይሻላል ብለው አስልተዋል። የ13ቱ ሰዓት ቁጥር ከተለያዩ ጥናቶች አማካይ የተሰላ ስለሆነ እንደ ሕግ መያዝ የለበትም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ መጠኑ ሲያድግ ርቀቱም ማደግ አለበት። ጥልቅ እንቅልፍ የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቅበት ጊዜ ስለሆነ፣ የተጎዳ ጡንቻውን ሊጠግን የሚተኛ ሰው መጨረሻ ላይ ሊያጣው የሚገባው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «እኔ ቡና ጠጥቼም ቁጭ እንዳልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ»። ቡና ከእራት በኋላ በሚፈላባት፣ ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣባት አገር ይህ ተራ ንግግር ነው፤ የሚናገረውም ሰው አይዋሽም። ሆኖም ቶሎ መተኛትና በደንብ መተኛት የተለያዩ ናቸው። በዚያው የ2013 ጥናት ላይ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ካፌይን የወሰዱት ሰዎች በራሳቸው ማስታወሻ የጻፉት እንቅልፍ ጉልህ ለውጥ አላሳየም፤ ጉድለቱን ያየው መሣሪያው ነው። ጥልቅ እንቅልፍ ሲሳሳ ሰው አይነቃም፤ ስለዚህ የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ጠዋት የሚሰማውን ድካም ከልምምዱ ብዛት ቆጥሮ ሌላ ቡና ይጠጣበታል። መልመድ የሚባለውም ነገር ከፊል እውነት ነው፤ ዘወትር ጠጪ ሰው ከማይጠጣው ያነሰ ይረበሻል። ግን መልመዱ ለእንቅልፉ ከለላ በሰጠው መጠን የዱቄቱንም ኃይል እየቀነሰበት ሊሆን ይችላል። «ለምጄዋለሁ» ብሎ ማታ ማታ የሚወስድ ሰው ምን እያገኘበት እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ይህ ወደ ዋናው ነጥብ ይወስደናል፤ ማታ የሚገኘው ጥቅም ራሱ ከጠዋቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የሰውነት ሙቀት ጠዋት ዝቅ ብሎ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው ላይ ከፍ ይላል፤ የጡንቻ ጉልበትም አብሮ ይከተለዋል። ክብደት በሚያነሱ ወንዶች ላይ በስፔን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ጠዋት በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱት ሰዎች ጉልበታቸው ያለ ካፌይን ማምሻውን ወደሚያገኙት ደረጃ መድረሱን አሳይቷል። በሌላ አነጋገር ካፌይኑ ጠዋት የሰጣቸው ነገር ምሽቱ በነፃ የሚሰጠው ነው። በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ ገና ሲነጋ ለሚሮጥ ሰው ካፌይን ብዙ የሚሰጥ፣ ትንሽ የሚያስከፍል ነገር ነው። ማታ 12፡30 ላይ ብረት ለሚያነሳው ሰው ግን ትንሽ ይሰጠዋል፣ ብዙ ያስከፍለዋል።

ጠንካራው ተቃውሞ የውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል የማራቶን ሩጫዎቹ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተጀምረዋል፤ የወንዶቹን ያሸነፈው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። እንዲህ ባለ ሌሊት ስለ እንቅልፍ የሚያስብ አሰልጣኝ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ለፍጻሜ ውድድር አንድ ሌሊት መክፈል ያዋጣል። የማክሰኞ ማታ ተራ ልምምድ ግን ፍጻሜ አይደለም። ልምምድ ውጤቱን የሚሰጠው ከእረፍት በኋላ ስለሆነ፣ በሳምንት አራት ማታ የእንቅልፍ 45 ደቂቃ እየሰጡ በእያንዳንዱ ልምምድ አንድ ሁለት ተጨማሪ ድግግሞሽ መግዛት የከሰረ ንግድ ነው።

ማታ ካፌይን ሳይወስድ መለማመድ የማይሆንለት ሰው መካከለኛ መንገድ አለው። ካፌይን አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ አይጠፋም። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በዘወትር ጠጪዎች ላይ እንኳ የብስክሌት ጽናት ካፌይኑ ከተወሰደ 3 ሰዓት በኋላም እንደተሻሻለ፣ በማይጠጡት ላይ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት እንደቆየ አሳይቷል፤ በእርግጥ የተሰጠው መጠን ከፍተኛ ነበር፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም። የእኛ ባለ 70 ኪሎ ሰው በኪሎ 2 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 140 ሚሊ ግራም፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቢወስድ ልምምዱን ሲጀምር ወደ 100 ሚሊ ግራም ይዞ ይገባል፤ ሲተኛ የሚቀረው ግን 57 ነው፤ በመጀመሪያው ስሌት ከነበረው ብዙም ከግማሽ አይበልጥም። ከእራት በኋላ ያለውን ቡናም በዚሁ ስሌት ማየት ይቻላል። ካፌይን በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ አብዛኛው ከአቦሉ ጋር ይወጣል። ስለዚህ በረካውን ብቻ የጠጣ ሰው ከአቦል ጠጪው ያነሰ ነው የሚወስደው። የጀበና ስኒ ግን እንደ ቤቱ፣ እንደ ቡናው ብዛትና እንደ ውኃው ስለሚለያይ የታሸገ ዱቄት ላይ እንደተጻፈው ቁጥር ልንጽፍለት አንችልም።

ማታ የሚወስደው ካፌይን እየጎዳው እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁሉ ለሁለት ሳምንት ትቶ ማየት ይችላል፤ የጠዋቱን መጠን ሳይጨምር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያታልላሉ። በተለመደው ሰዓት ካፌይን ያጣ ሰውነት ራስ ምታትና ድብርት ያመጣል፣ ልምምዱም ከብዶት ይታያል፤ ይህ ስሜት ካቆሙ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይበረታል፣ ለአንዳንዱም ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። በሦስተኛው ቀን «ካፌይን ከሌለ አልችልም» ብሎ የሚመለስ ሰው የለካው የመተዉን ስቃይ ነው። ፍርዱ ከሁለተኛው ሳምንት ይሰጥ፤ ያለ ማንቂያ ደወል የሚነቃበትን ሰዓት፣ በተመሳሳይ ክብደት የሚሠራውን ድግግሞሽና በሥራ ቀን ከምሳ በኋላ የሚመጣበትን እንቅልፍ አስተያይቶ።