በአንድ ጊዜ ስንት ይታዘዝ? የመቶ ዓመቱ ቀመር የሚይዘውና የሚስተው

ዕቃ እያስመጣ የሚሸጥ ሰው ትእዛዝ በሚሰጥበት ቀን ሁለት ወጪዎች ወደተለያየ አቅጣጫ ይጎትቱታል። ትንሽ ትንሽ እያዘዘ ቢያስመጣ ገንዘቡ መጋዘን ውስጥ አይታሰርም፤ ግን በእያንዳንዱ ትእዛዝ የባንኩን፣ የትራንዚተሩንና የማጓጓዣውን ወጪ ደጋግሞ ይከፍላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቢያስመጣ ይህ ወጪ ይቀልለታል፤ ካፒታሉ ግን በካርቶን ታሽጎ ለወራት ይቀመጣል። ከሁለቱ መካከል የሚያዋጣው መጠን የቱ ነው?

ለዚህ ጥያቄ በቀመር መልስ የሰጠው ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 «ፋክተሪ» በሚባል የሥራ አመራር መጽሔት ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ ቢመረት እንደሚሻል የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ቀመሩን ከጊዜ በኋላ በሥራ ላይ ያስተዋወቀው አር. ኤች. ዊልሰን የተባለ ሌላ ባለሙያ ስለነበር ብዙዎች «የዊልሰን ቀመር» ሲሉት ኖሩ። የሃሪስ ዋናው ጽሑፍ ተፈልጎ የተገኘው ገና በ1988 ነው። ዛሬ በንግድ ትምህርት ቤቶች ኢኦኪው እየተባለ ይሰጣል፤ በአማርኛ አዋጭ የትእዛዝ መጠን ልንለው እንችላለን።

ቀመሩን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አስመጪ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተመረጡ ናቸው። ከሚያስመጣቸው ዕቃዎች አንዱ የዘይት ፊልትሮ ነው። በዓመት 3,600 ይሸጣል፤ ማለትም በወር 300። አንዱ ፊልትሮ ሱቁ እስኪደርስ 400 ብር ያስወጣዋል። አንድ ትእዛዝ በሰጠ ቁጥር፣ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ 20,000 ብር ያወጣል። አንድ ፊልትሮ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥበት ደግሞ 100 ብር ይከስራል፤ ይህ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢሠራ ያስገኝ የነበረው ትርፍ፣ የመጋዘን ኪራይና የብልሽት ድምር ነው። ቀመሩ እንዲህ ይላል፦

```
Q = √(2 × D × S ÷ H)
```

D የዓመቱ ሽያጭ፣ S የአንዱ ትእዛዝ ወጪ፣ H አንዱን ዕቃ ለዓመት የማቆየት ወጪ ነው። ሁለት ጊዜ 3,600፣ ጊዜ 20,000፣ ሲካፈል ለ100፣ 1,440,000 ይሆናል። የዚህ ስኩዌር ሩት 1,200 ነው። ስለዚህ አስመጪው በየአራት ወሩ 1,200 ፊልትሮ ያዛል።

ይህ መጠን የሚያዋጣው ለምንድን ነው? ወጪዎቹን ለየብቻ እንቁጠራቸው። በዓመት ሦስት ጊዜ ስለሚያዝ የማዘዣው ወጪ 60,000 ብር ነው። የማቆያውን ለማወቅ በመደርደሪያው ላይ በአማካይ ስንት ፊልትሮ እንደሚቀመጥ ማየት ያስፈልጋል። ጭነቱ ሲገባ 1,200 ነበር፤ በየቀኑ እኩል እየተሸጠ አራት ወር ሲሞላ ባዶ ይሆናል። ከ1,200 ጀምሮ ቀጥ ብሎ እስከ ዜሮ ስለሚወርድ አማካዩ ግማሹ፣ ማለትም 600 ነው። በ100 ብር ሲባዛ ይኸውም 60,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 120,000 ብር ነው።

ሁለቱ ወጪዎች እኩል የወጡት በአጋጣሚ አይደለም። የትእዛዙን መጠን እጥፍ ብናደርገው የማዘዣው ወጪ በግማሽ ይወርዳል፣ የማቆያው ደግሞ እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱን ብናባዛቸው ግን ውጤቱ ፈጽሞ አይለወጥም። ይህ ስፋቱ የታወቀ መሬት ከማጠር ጋር አንድ ነው፦ መሬቱ ረዘም ያለና ጠባብ ከሆነ አጥሩ ይረዝማል፣ አራቱም ጎን እኩል ሲሆን ግን አጥሩ ያጥራል። ብዜታቸው የማይለወጥ የሁለት ቁጥሮች ድምርም ትንሹ የሚሆነው እኩል ሲሆኑ ነው። ቀመሩ ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሚሆኑበትን መጠን ያገኛል፤ ስኩዌር ሩቱም የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን አስመጪው ቀመሩን ሳይከተል 600 ብቻ ቢያዝ ምን ይሆናል? ስድስት ትእዛዝ 120,000 ብር፣ ማቆያ 30,000 ብር፣ ድምር 150,000። 2,400 ቢያዝስ? ማዘዣው 30,000፣ ማቆያው 120,000፣ ድምሩ ያው 150,000 ነው። በግማሽም ይሁን በእጥፍ የሳተ ሰው ተጨማሪ የሚከፍለው ሩቡን ብቻ ነው። 1,200 መሆን ሲገባው 900 ያዘዘ ሰው ደግሞ በዓመት 125,000 ያወጣል፤ ልዩነቱ አምስት ሺህ ብር ብቻ ነው።

ይህ ባሕርይ ለሌላም ስህተት ይቅርታ ያደርጋል። አስመጪው ሽያጩን ባልተገባ ትንሽ ግምት ገምቶ ቢሆንና ትክክለኛው 7,200 ቢሆን ትክክለኛው የትእዛዝ መጠን ወደ 1,700 ይጠጋል፤ በ1,200 የቀጠለ ግን ከዝቅተኛው ወጪ የሚበልጠው በ6 በመቶ ያህል ነው። በግምቱ ውስጥ የገባውን ትልቅ ስህተት ስኩዌር ሩቱ መጀመሪያ ያሳንሰዋል፣ ከዚያ ወጪው በዝቅተኛው ቦታ አካባቢ ለጥ ያለ ስለሆነ ቀሪውን ይውጠዋል።

ይህ ለሥራ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የቀመሩ ቁጥሮች በተግባር በትክክል አይታወቁም። የአንድ ትእዛዝ ወጪ ሲባል በየወሩ ደመወዝ የሚበላውን ሠራተኛ ማካተት አይገባም፤ አንድ ትእዛዝ ቢቀር ደመወዙ አይቀርምና። ባንኩ ኤልሲ ለመክፈት በመቶኛ የሚያስከፍለውም ወጪ እንደ ዕቃው ዋጋ ከብዛቱ ጋር ስለሚጨምር በS ውስጥ አይገባም። የሚቆጠረው ትእዛዙ በመኖሩ ብቻ የሚወጣው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ግን በእጥፍ ቢሳሳትም እንኳ ጉዳቱ ያው 6 በመቶ ያህል ነው። ሽያጭም በየቀኑ እኩል አይደለም፤ አንድ ጋራዥ በአንድ ቀን 200 ሊወስድ ይችላል፣ ያኔም አማካዩ ግማሽ መሆኑ ይቀራል። ይህንንም ቀመሩ ብዙውን ጊዜ ይችለዋል።

የማይችለው ሌላ ነው። ቁጥሩ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ሲለወጥ ቀመሩ መልስ የለውም። ሦስት ጉዳዮች ይህን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የብዛት ቅናሽ ነው። ቀመሩ የዕቃው ዋጋ በብዛት እንደማይለወጥ ይቆጥራል፣ ስለዚህ የግዢው ዋጋ በስሌቱ ውስጥ ጭራሽ የለም። አቅራቢው 2,400 ለሚያዝ 3 በመቶ ቢቀንስለት ግን በአንዱ ፊልትሮ 12 ብር፣ በዓመት 43,200 ብር ይቆጥባል። 2,400 ማዘዝ በዓመት 30,000 ብር እንደሚጨምር ከላይ አይተናል፤ ስለዚህ ቅናሹ ይወሰዳል። ቅናሹ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን 14,400 ብር ስለሚቆጥብ አያዋጣም።

ሁለተኛው የዕቃው መዘግየት ነው። ቀመሩ ስንት እንደሚታዘዝ እንጂ መቼ እንደሚታዘዝ አይናገርም። ዕቃው ከትእዛዝ እስከ ሱቅ ሦስት ወር ከወሰደ በመደርደሪያው 900 ሲቀር ማዘዝ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጭነቱ ጅቡቲ ላይ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ አንድ ወር ቢቆይ 300 ፊልትሮ ፈላጊ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ለዚህ የሚያዘው መጠባበቂያ ክምችት ለብቻው ይታሰባል፤ 300 ፊልትሮ ዓመት ሙሉ በመጠባበቂያ ማቆየት 30,000 ብር ያስወጣል። ይህን ከጠፋው ሽያጭ ትርፍ ጋር ማመዛዘን የአስመጪው ፋንታ ነው።

ሦስተኛውና በአገራችን ጎልቶ የሚታየው የዋጋ ለውጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያውጅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቀመሩ «ዋጋ አይለወጥም» የሚል ግምት ከባድ ስህተት ይሆናል። አስመጪያችን ከቀጣዩ ጭነት በኋላ ዋጋው ከ400 ወደ 480 ብር እንደሚወጣ አውቋል እንበል። ዛሬ የሚገዛው እያንዳንዱ ፊልትሮ 80 ብር ያተርፍለታል። አንዱን ለዓመት ማቆየት 100 ብር ስለሆነ ይህ ትርፍ የሚያልቀው ከዓመቱ አራት አምስተኛ በኋላ፣ ማለትም ወደ አስር ወር ሲጠጋ ነው። ስለዚህ አሁን ቢያንስ 2,900 ያህል ማዘዝ ይሻለዋል። ቀመሩ ከጭማሪው በፊት 1,200 ይላል፤ ማቆያው ከዋጋው ጋር ወደ 120 ብር ካደገ በኋላ ደግሞ 1,095 ይላል። ሁለቱም ለየወቅታቸው ትክክል ናቸው፤ በመካከሉ ያለውን ያን አንድ ትእዛዝ ግን ቀመሩ አያየውም። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ፦ ጭማሪው ካልመጣ 1,700 ትርፍ ፊልትሮ የማቆየት ጫና ይቀራል። ስለዚህ በጭምጭምታ ላይ ተመሥርቶ መጋዘን መሙላት ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

ታዲያ ግምቶቹ ሲፈርሱ ቀመሩ ለምን ይጠቅማል? የሚሰጠው 1,200 የሚለው ቁጥር ብቻ ስላልሆነ ነው። ከዚያ ቁጥር መራቅ ስንት ብር እንደሚያስወጣም ይነግራል። አስመጪው በውጭ ምንዛሪ እጥረት የተነሳ በስምንት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ካስመጣ የሚያዘው 2,400 ነው፣ ለዚህም በዓመት 30,000 ብር ተጨማሪ ይከፍላል። ባንክ በየአራት ወሩ ምንዛሪ ቢያቀርብለት ከዚህ ገንዘብ በላይ ለዚያ መክፈል አይገባውም። አንድ ደላላ «በግማሽ ኮንቴነር ቢመጣልህስ?» ቢለው፣ ሠራተኛው «መደርደሪያው ስለማይበቃ 900 እንዘዝ» ቢለው ሁሉንም በብር ይመዝናል። የቀመሩ እውነተኛ አገልግሎት ይህ ነው፦ ሁኔታው ከግምቱ ሲርቅ የርቀቱን ዋጋ ማስላት፣ ከዚያም ሊከፈል የሚገባውንና የማይገባውን መለየት።