ተጨማሪ መረጃ፦ የወለድ ለውጥ የማያናጋው የጡረታ ክፍያ

አንድ የጡረታ ፈንድ ከ7 ዓመት በኋላ 10 ሚሊዮን ብር መክፈል አለበት እንበል። የገበያው ወለድ 9 በመቶ ከሆነ፣ ዛሬ 5.47 ሚሊዮን ብር ይበቃዋል። በዚህ ገንዘብ በየዓመቱ 9 በመቶ የሚከፍል የ10 ዓመት ቦንድ ይገዛል። የ10 ዓመት ቦንድ የተመረጠው ዱሬሽኑ፣ ማለትም በዛሬ ዋጋቸው የተመዘነው የክፍያዎቹ አማካይ ጊዜ፣ 7 ዓመት ገደማ ስለሆነ ነው።

ቦንዱ እንደተገዛ ወለድ ወደ 8 በመቶ ቢወርድ፣ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለው ዓመታዊ ክፍያ በ7ኛው ዓመት 4.39 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ቦንዱ ደግሞ 5.61 ሚሊዮን ያወጣል። ወደ 10 በመቶ ቢወጣ 4.67 እና 5.33 ሚሊዮን ይሆናሉ። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላል።

ጥበቃው ግን ክትትል ይፈልጋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ለክፍያው 6 ዓመት ሲቀር የቦንዱ ዱሬሽን 6.5 ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ከፊሉ ተሸጦ አጭር ቦንድ መገዛት አለበት።