ከመነጽሩ ኋላ ያለችው የብርሃን ክብ

ከጠመንጃ መነጽሮች ሁሉ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ካርቶኑ ላይ 3-9×40 የሚል ጽሑፍ አለበት። ሻጩ የሚነግርዎት አጭር ነው፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊሜትር ስፋት አለው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ መነጽሩ ለምን አንዳንዴ እንደሚጨልም፣ ለምን ቅንድብ እንደሚቀድ ወይም ያለሙበትን ትቶ ጎን ለምን እንደሚመታ አይታወቅም።

ከጠመንጃው ያልታሰረ እንዲህ ያለ መነጽር እጅዎ ከገባ፣ አፉን ብርሃን ወዳለበት መስኮት ያዙሩ። ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አይሁን፤ ዓይን ያጠፋል። ክንድዎን ዘርግተው የኋላውን መስተዋት በሩቁ ሲመለከቱት መሃሉ ላይ አንዲት ደማቅ ክብ ተንሳፋ ትታያለች። የማጉያውን ቀለበት ከ3 ወደ 9 ሲያዞሩት ክቧ እያነሰች ትሄዳለች። ከፊት የገባው ብርሃን በሙሉ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው፤ ተኳሹም የሚያየው የዓይኑ ብሌን እሷ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ማጉላቱም፣ የፊት መስተዋቱ ስፋትም፣ ዓይን ከመነጽሩ የሚርቅበት ልክም፣ ፓራላክስ የሚባለው ጣጣም ሁሉም የሚፈቱት በዚህች ክብ ነው።

ከማጉላቱ እንጀምር። ዘጠኝ እጥፍ ማለት 180 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን በባዶ ዓይን 20 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይታያል ማለት ነው። ገዢ ሁሉ የሚጓጓው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ የሚገዛው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ስፍራ ይጠባል። በ3 ላይ 100 ሜትር ርቆ ያለ 11 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ቦታ ይታያል፤ በ9 ላይ ግን ወደ 4 ሜትር ይወርዳል። ቀለበቱን 9 ላይ ትቶ በጫካ ውስጥ የሚሄድ አዳኝ፣ ድኩላ ድንገት ከፊቱ ሲነሳ ጠመንጃውን ወደ ዓይኑ ያነሳና ቅጠል ብቻ ያያል። ከዚህም ሌላ የእጅ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ አብረው ይጎላሉ። ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ውኃ ውስጥ ያለ አስመስሎ ያወዛውዘዋል። ልምድ ያለው ሰው ሲጓዝ መነጽሩን 3 ወይም 4 ላይ ያደርጋል፤ የሚያጎላው አውሬው ሳያየው ተደግፎ ለመተኮስ ጊዜ ሲያገኝ ነው።

የፊት መስተዋቱ ስፋት ትርጉም የሚኖረው ከማጉላቱ ጋር ሲሰላ ነው። ስፋቱን ለማጉላቱ ሲያካፍሉት የክቧ ስፋት ይወጣል። 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊሜትር ነው፤ 40 ለ3 ደግሞ 13 ሚሊሜትር ይሆናል። የሰው ብሌን በጠራራ ቀን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይጠብባል፤ በጨለማ የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላል፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይህ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን እንይ። በባሌና በአርሲ ተራሮች በፈቃድ በሚታደንባቸው ክልሎች የደጋ አጋዘን ከጥሻው ወጥቶ ለመጋጥ የሚመርጠው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ብርሃኑ ሲደበዝዝ የአዳኙ ብሌን ወደ 6 ሚሊሜትር ተከፍቷል እንበል። መነጽሩ 9 ላይ ከሆነ የምትመጣለት ክብ 4.4 ብቻ ስለሆነች ከብሌኑ ከፊሉ ብርሃን አያገኝም፤ ምስሉም ደብዛዛ ይሆናል። ቀለበቱን ወደ 6 ቢመልሰው ክቧ ወደ 6.7 ትሰፋለች፤ ብሌኑም ይሞላል። አጋዘኑ ትንሽ ቢያንስም ትከሻው ከጥሻው ጥላ ተለይቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር መነጽሩ አይረባም ብሎ ባለ 50 ሊገዛ ይሮጣል።

ባለ 50ው በእርግጥ በ9 ላይ 5.6 ሚሊሜትር ክብ ይሰጣል። ነገር ግን ይከብዳል፤ ደግሞም አፉ ሰፊ ስለሆነ አፈሙዙን እንዳይነካ ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። መነጽሩ ከፍ ሲል ተኳሹ ጉንጩን ከሰደፉ ላይ አንስቶ በአየር ላይ ያንጠለጥላል፤ ጉንጭ ካልተደገፈ ደግሞ ዓይን በየጊዜው በተለያየ ቦታ ያርፋል። በተጨማሪ ስፋት ብቻውን ብርሃን አይሰጥም። ያልተቀባ መስተዋት ብርሃን በገባበትና በወጣበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። አሥር ገጽ ባለው መነጽር ወደ ዓይን የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህን ያቃለለው በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ አሌክሳንደር ስማኩላ ያገኘው ስስ ቅብ ነው፤ ዛሬ በደንብ የተቀባ መስተዋት በየገጹ የሚያባክነው ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ጥሩ ባለ 40 መነጽር አመሻሽ ላይ ርካሽ ባለ 50ውን ሲበልጥ ማየት አያስገርምም።

ክቧ የምትንሳፈፈው መስተዋቱ ላይ ሳይሆን ከሱ ወደ ኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ርቃ ነው። ዓይን መቆም ያለበት እዚያ ነው። ቢቀርብ ወይም ቢርቅ በምስሉ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ይመጣል፤ ወደ ጎን ቢያዘነብል ደግሞ ጥቁር ማጭድ መሳይ ጥላ ከአንድ ወገን ይገባል። ይህ ርቀት ለምቾት ብቻ አይደለም። ትልቅ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ሲራገጥ መነጽሩም አብሮ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ዓይን በ4 ወይም በ5 ሴንቲሜትር ከተጠጋ ጠርዙ ቅንድብን ግማሽ ክብ አድርጎ ይቀድዳል። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ሽቅብ የሚተኩሱ ሰዎች ናቸው። በዳገት ላይ አፈሙዙ ወደ ላይ ሲነሳ ሰደፉ ከትከሻ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አንገትም ወደ ፊት ይሰገጋል። ሜዳ ላይ በቂ የነበረው ርቀት እዚያ ይጠፋል።

መነጽሩ ሲታሰር ባዶ መሆኑ በተረጋገጠ ጠመንጃ ላይ ማጉያው 9 ላይ ይደረጋል፤ ክቧ ትንሽ የምትሆነውና ዓይን የመሳሳት ዕድል የማይሰጣት እዚያ ስለሆነ። ተኳሹ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን እንደ ልማዱ ሰደፉ ላይ ያሳርፍና ከዚያ ይገልጣል። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ካልሞላ አንገቱን ሳይሆን መነጽሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋል። ቆሞም ተኝቶም፣ ለአደን በሚለብሰው ካፖርት ጭምር ይሞክራል። ወፍራም ካፖርት ጠመንጃውን ከትከሻ ስለሚያርቀው ያለሱ የተለካ ርቀት ልክ አይመጣም።

ፓራላክስ ብዙ የሚወራበት፣ ጥቂት ሰው የሚረዳው ነው። መነጽሩ የዒላማውን ምስል ቱቦው ውስጥ ይሠራል፤ መስቀለኛው መስመር ደግሞ እዚያው ቱቦ ውስጥ በአንድ ቦታ ተተክሏል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት ዒላማው በአንድ ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ ምስሉ ከመስመሩ ኋላ ወይም ፊት ይሆናል፤ ያኔ ዓይን በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስመሩ ዒላማው ላይ የሚሄድ ይመስላል። ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው የፍጥነቱን ቀስት ከሾፌሩ በተለየ ቁጥር ላይ የሚያነበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስተካከያ የሌለው የአደን መነጽር ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር ተስተካክሎ ነው። ስሌቱን ለማቅለል 100 ሜትር እንበለው። ዓይን በክቧ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ቢሆን የሚመጣው ትልቁ ስህተት የፊት መስተዋቱ ግማሽ ስፋት ይወሰድና፣ ዒላማው ከተስተካከለበት ርቀት በምን ያህል እንደሚለይ ተመዝኖ ይባዛል። በባለ 40 መነጽር ግማሹ 20 ሚሊሜትር ነው። ዒላማው 200 ሜትር ላይ ካለ ልዩነቱ ልክ 100 ሜትር ስለሆነ ስህተቱ 20 ሚሊሜትር፣ 300 ሜትር ላይ 40 ሚሊሜትር ይሆናል። የአንድ ትልቅ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ከ25 ሴንቲሜትር የማያንስ ወርድ ስላለው ለአዳኝ 2 ሴንቲሜትር ምንም አይደለችም። እስከ 200 ሜትር ለሚያድን ሰው የፓራላክስ ማስተካከያ ያለው መነጽር መግዛት በኔ ግምት ገንዘብ ማባከን ነው።

ያንኑ መነጽር አየር ጠመንጃ ላይ አስሮ 20 ሜትር ላይ ለሚተኩስ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። ልዩነቱ 80 ሜትር ስለሆነ ስህተቱ እስከ 16 ሚሊሜትር ይደርሳል። በእንግሊዝ አገር የተጀመረውና ፊልድ ታርጌት የሚባለው የአየር ጠመንጃ ውድድር የሚመታው ቀዳዳ አንዳንዴ 15 ሚሊሜትር ብቻ ስፋት አለው። ጠመንጃው፣ ጥይቱና ተኳሹ እንከን ባይኖራቸውም ዓይኑ ከመሃል ስለወጣ ብቻ ይስታል። በዚህ ምክንያት ለእነዚህ ውድድሮች የሚሠሩ መነጽሮች እስከ 10 ሜትር ድረስ የሚስተካከሉ ናቸው።

ስህተቱ የሚመጣው ግን ዓይን ከክቧ መሃል ሲወጣ ነው፤ መሃሏ ላይ ያለ ዓይን ርቀቱ ምንም ቢሆን ፓራላክስ አያገኘውም። ማስተካከያ የሌለው መነጽር የያዘ ሰው በዚህ ሊጠቀም ይችላል። ራሱን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሲስብ በምስሉ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ይመጣል፤ ቀለበቱ በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ ዓይኑ መሃል ላይ ነው ማለት ነው።

ማስተካከያ ባለው ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መነጽሩን ወደ ባዶ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አድርጎ፣ በዓይን በኩል ያለውን ቀለበት እያዞሩ መስቀለኛው መስመር ጥርት እንዲል ማድረግ ነው። አፍጥጦ ማየት አያዋጣም፤ ዓይን ራሱ እየለመደ ስለሚያታልል፣ ቶሎ አየት አድርጎ ማንሳት ይሻላል። ይህ ቀለበት አንዴ ከተስተካከለ በኋላ አይነካም። ዒላማው ሲደበዝዝ እሱን የሚያዞሩ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ሁሉ ይበላሻል። ቀጥሎ ባዶው ጠመንጃ በአሸዋ ከረጢት ላይ ይጋደምና፣ ተኳሹ ሳይነካው ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች እያነቃነቀ ይመለከታል። መስመሩ ዒላማው ላይ ከተንሸራሸረ የጎኑን ጉልበት መሳይ መዞሪያ ቀስ እያለ ያዞራል፤ መስመሩ ተጣብቆ ሲቀር ያቆማል። መዞሪያው ላይ የተጻፈው ሜትር ግምት ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ መስመሩ መቆሙ ይታመናል።

የፊልድ ታርጌት ተወዳዳሪዎች ነገሩን ገልብጠው ርቀት ለመለካት ይጠቀሙበታል። መዞሪያው ላይ ትልቅ ጎማ ይገጥሙና ዒላማው ጥርት ባለበት ቦታ ራሳቸው በሜትር ለክተው የጻፉትን ቁጥር ያነብባሉ። መነጽሩ በሙቀት ሲግል ግን ምልክቶቹ ስለሚሸሹ፣ በጋ ላይ የሚወዳደሩት ቁጥሮቹን እንደገና ይለካሉ።