«በገጽ ስንት ነው?»

በግሉ የሚሠራ ተርጓሚ ሥራውን ሲያስተዋውቅ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙዎች «በውስጥ መስመር ያናግሩኝ» ብለው ያልፋሉ። ይህ መልስ ያሳዝነኛል። ጠያቂው ዋጋው ሰው እየታየ የሚቆረጥ ይመስለዋል፤ መልሱን ሲጠብቁ የነበሩ ሌሎችም ዝም ብለው ይሄዳሉ።

ችግሩ የሚጀምረው «ገጽ» ከሚለው መለኪያ ነው። አንዱ ገጽ 200 ቃል፣ ሌላው 600 ቃል ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የሚቆጠረው ቃል ነው፤ እሱም ከዋናው ሰነድ። አማርኛ ብዙ ነገር በአንድ ቃል ስለሚያጠቃልል («አልነገረችኝም» በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይወጣዋል) ትርጉሙን የሚቆጥር ሰው ከድካሙ ዋጋ ይጎድልበታል።

7,000 የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉት የሥልጠና መመሪያ መጣ እንበል። ተርጓሚው በቃል 4 ብር ቢጠይቅ 28,000 ብር ይሆናል። አማርኛው 5,000 ቃል ቢወጣና በእሱ ቢታሰብ ግን 8,000 ብር ቀለጠ ማለት ነው። ጥንቃቄ ለሚሻ ጽሑፍ በቀን 2,000 ቃል ጥሩ ፍጥነት ነው፤ ሥራው ሦስት ቀን ተኩል፣ ከዚያም ለማጣራት አንድ ቀን ይወስዳል። ለሁለተኛ አርታኢ በቃል 1 ብር ሲከፈል ለተርጓሚው 21,000 ብር ይቀረዋል።

በአደባባይ የሚሰጠው መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በቃል 4 ብር ነው፤ የሚቆጠረው የእንግሊዝኛው ሰነድ ነው። ዋጋው ትርጉሙን፣ የሌላ አርታኢ ንባብንና አንድ ዙር እርማትን ይጨምራል። ሰነዱን ሲልኩልኝ ጠቅላላ ሂሳቡንና የማስረክብበትን ቀን አሳውቅዎታለሁ። ሥራው የሚጀመረው ግማሽ ክፍያ ሲገባ ነው።» ደንበኛው ድርጅት ከሆነ ከክፍያው ላይ የሚቀነሰው ግብር በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑም እዚያው ይጻፍ።

ቀጥሎ «ትንሽ አይቀንሱም? ሌላ ሰው በ2 ብር ይሠራል» መምጣቱ አይቀርም። ያን ሌላ ሰው ማጣጣል አያስፈልግም። እዚያው ወደ 3 ብር መውረድ ግን የመጀመሪያውን ዋጋ ሐሰት ያደርገዋል፤ ያነበበ ሁሉ ከዚያ በኋላ በ3 ይጀምራል። የሚቀነሰው ሥራው ነው፦ «ጽሑፉ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ከሆነ ያለ ሁለተኛ አርታኢ በ3 ብር እሠራዋለሁ።» ደንበኛው 21,000 ብር ይከፍላል፤ ተርጓሚው ከራሱ ድርሻ አንድ ብር አላጣም። የሕክምና ወይም የውል ሰነድ ሲሆን ግን ይህን አማራጭ ማቅረብ አይገባም፤ እዚያ ሁለተኛ ዓይን የግድ ነው።

ፎቶ ተነስቶ የመጣ ሰነድ ቃሉ በኮምፒውተር በቀጥታ ላይቆጠር ይችላል። ያኔ ሦስት ገጽ በእጅ ይቆጠርና አማካዩ በገጾቹ ብዛት ይባዛል፤ ደንበኛው በቁጥሩ ተስማምቶ በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ሥራው ይጀመራል።