ያልደረሰው ውጤት የት ደረሰ?

ሕመምተኛ ተሽሎት ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰብ በእጁ የሚይዘው የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱን፣ ደረሰኙን እና የቀጠሮ ወረቀቱን። ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር ግን አለ። እሱም ታዞ፣ ናሙናው ተወስዶ፣ ውጤቱ ገና ያልመጣ ምርመራ ነው።

ይህ የሚሆነው አልጋና ላቦራቶሪ እኩል ስለማይራመዱ ነው። የወባ ደም ምርመራ በዚያው ቀን ይደርሳል። በደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ለማየት የሚደረገው የደም ካልቸር ግን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የቲቢ ካልቸር ደግሞ እስከ 6 ሳምንት። ሕመምተኛው ከተሻለው ይህን ሁሉ ጊዜ አልጋ ላይ አይቆይም። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 የታተመ፣ በአሜሪካ ቦስተን የተካሄደ አንድ ጥናት ከሆስፒታል የወጡ 2,644 ሕመምተኞችን ተከታትሎ፣ 1,095ቱ ውጤታቸው ሳይደርስ መውጣታቸውን አግኝቷል።

ታዲያ ነርሷ ይህን ክር እንዴት ትይዘዋለች? ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆስፒታሎች ሊያጋጥም የሚችል አንድ ምሳሌ ወስደን እንከተል።

አባባ ጫላ እንበላቸው፤ ከላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ የመጡ የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው። ሰኞ ዕለት በትኩሳትና በከባድ ሳል ተኙ። የሳንባ ምች ነው ተብሎ ሴፍትሪያክሶን ተጀመረላቸው። ሳሉ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ በመሆኑ ሐኪሙ አክታቸው በጂን ኤክስፐርት እንዲታይ አዘዘ። ጂን ኤክስፐርት የቲቢን ተሕዋስና የሪፋምፒሲን መድኃኒት መላመዱን የሚለይ መሣሪያ ነው። ናሙናው መሣሪያው ውስጥ ከገባ በኋላ ውጤቱ በ2 ሰዓት ገደማ ይታወቃል። መሣሪያው ሌላ ከተማ ካለ ግን ናሙናው ተጓጉዞ፣ ተራ ጠብቆ፣ ወረቀቱም ተመልሶ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ።

ነርሷ ትእዛዙን ከካርዱ እንዳየች በክፍሉ መዝገብ አንድ መስመር ትከፍትለታለች። የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ የምርመራው ዓይነት፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ የተላከበት ቦታ እና ውጤቱ የሚጠበቅበት ቀን ይሰፍራሉ። ከእነዚህ ቀጥሎ ሁለት ባዶ ቦታዎች ትተዋለች፤ «ውጤቱ መጣ» እና «ለማን ተነገረ»። ሁለቱም እስኪሞሉ ድረስ መስመሩ አይዘጋም። በየፈረቃው ርክክብ ወጪዋ ነርስ ያልተዘጉትን መስመሮች ለገቢዋ አንድ በአንድ ታነብላታለች።

የካርድ ቁጥሩን ከስም ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጫላ መተኛታቸው አይገርምም። ስሙ ራሱም ሁለት ዓይነት ይጻፋል። በቁቤ ሲጻፍ «ጫ» የምትጀምረው በላቲኑ «ሲ» ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ግን «ኤች» ይጨመርበታል። በላቦራቶሪው መዝገብ በፊደል ተራ የሚፈልግ ሰው አንዱን አይቶ ሌላውን ሊያልፍ ይችላል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ነርሷ በእኛ አቆጣጠር ትጽፋለች፣ መሣሪያው የፈረንጅ ቀን ያትማል። የማይለወጠው የካርድ ቁጥሩ ነው።

ረቡዕ ማታ አባባ ጫላ ትኩሳቱ ለቋቸው እህል ቀመሱ። ሐሙስ ይወጣሉ ተባለ። እዚህ ላይ ነርሷ የትእዛዝ ወረቀቱን ከካርዱ ጋር ከተያያዙት ውጤቶች ጋር ታመሳክራለች። የታዘዘው አምስት፣ የደረሰው አራት ነው። «አምስተኛው በሂደት ላይ ይሆናል» ብላ አትተወውም፤ ላቦራቶሪ ትደውላለች። መልሱም ናሙናው ምራቅ እንጂ አክታ ስላልሆነ ተመልሷል የሚል ነው። ማስታወቂያው ክፍሉ አልደረሰም። እንግዲህ ይህን ውጤት አንድ ወር ቢጠብቁትም አይመጣም ነበር። «አልደረሰም» የሚለው ቃል ተጓዥ ናሙናንም፣ የተጣለ ናሙናንም፣ በሌላ ሰው ካርድ ውስጥ የገባ ወረቀትንም ይሸፍናል። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በመጠየቅ ነው።

ሐሙስ ማለዳ፣ አባባ ጫላ ገና ሳይበሉ አፋቸውን በውኃ ተጉመጥምጠው፣ በረጅሙ ተንፍሰው፣ ከደረታቸው ሳሉና ወፈር ያለ አክታ ሰጡ። ሐኪሙም ተነገረው። መሻላቸውን አይቶ ምርመራው አያስፈልግም አላለም፤ ምች በመድኃኒት ሲበርድ ከሥሩ ያለው ቲቢ ሊቆይ ይችላልና። እንዲወጡ ፈቀደ፤ በመውጫ ማጠቃለያው ላይም «የአክታ ጂን ኤክስፐርት ውጤት ይጠበቃል» ብሎ ጻፈ።

ነርሷ በመስመሩ ላይ ሁለት ስልክ ጨመረች፤ የልጃቸውንና የአንድ ጎረቤት። የሐይቁ ዳር ሰው ሁልጊዜ ኔትወርክ አያገኝምና ቀበሌያቸውንና ቅርባቸው ያለውን ጤና ጣቢያም መዘገበች። ከዚያ «አባባ፣ ቤት ከማን ጋር ነው የሚተኙት?» ስትል ጠየቀች። «ከልጅ ልጄ ጋር፣ ሦስት ዓመቷ ነው» አሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ለብቻቸው፣ መስኮቱ ክፍት በሆነ ክፍል እንዲተኙ፣ ሲስሉም አፋቸውን እንዲሸፍኑ ነገረቻቸው።

ቅዳሜ ውጤቱ መጣ። ነርሷ መምጣቱን ብቻ አይታ አልዘጋችውም፤ አነበበችው። መሣሪያው አንዳንዴ «ስህተት» ወይም «ውጤት የለም» ብሎ ያትማል፤ ይህ ቲቢ የለም ማለት አይደለም፣ ይደገም ማለት ነው። የአባባ ጫላ ግን ቲቢ ተገኝቷል፣ ሪፋምፒሲንን የተላመደ አይደለም የሚል ነበር። ለተረኛው ሐኪም አሳየች፤ የልጃቸው ስልክ አልሠራም፣ ጎረቤት ተገኘ። ሰኞ ጤና ጣቢያቸው ሄደው የ6 ወሩን ሕክምና በነፃ ጀመሩ። ሕፃኗም ተመረመረች፤ ሕመሙ ስላልተገኘባት መከላከያ መድኃኒት ተሰጣት። ነርሷ የተነገረበትን ቀንና የሰማውን ሰው ጽፋ መስመሩን የዘጋችው ይህን ካረጋገጠች በኋላ ነው።

የነርሷ መዝገብም ገደብ አለው። የተመዘገበው ስልክ ከተቀየረ፣ ቤተሰቡ ምርመራ መኖሩን ካላወቀ፣ ውጤቱ ክፍሉ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሰው ልታወጡ ስትሄዱ ነርሷን እንዲህ በሏት፦ «ሲስተር፣ ታዞ ያልደረሰ ምርመራ አለ? ናሙናው በትክክል መወሰዱና መድረሱ ታውቋል? ውጤቱን መቼና ማንን እንጠይቅ?» መልሱንና የካርድ ቁጥሩን በቀጠሮ ወረቀቱ ጀርባ አስጽፉ። በተባለው ቀን ካልተደወለላችሁ ራሳችሁ ደውሉ ወይም ሰው ላኩ። «ችግር ቢኖር ይደውሉልን ነበር» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም፤ ዝም የተባለው ናሙናው ስላልደረሰም ሊሆን ይችላልና።

ቸር ይግጠመን።